የእህቴን ፎቶ ነጭ ቀሚስ አለበስኩት፣ ጥለቱ ግን እየቀለጠ አስቸገረኝ

ሐይቅ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነኝ። ለጥር ሰርግ አለብን፣ ታናሽ እህቴ የሐበሻ ቀሚስ ልታሠራ ነው። ሸማኔው የሁለት ጥለት ፎቶ ላከልን። አንዱ ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ከወርቅማ ክር ጋር። እናቴ ቀዩን አለች፣ እህቴ ሰማያዊውን። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ላዩዋ ላይ ምን እንደሚመስል እንይ ብለን ተስማማን።

እህቴ የመረጠችው ፎቶ አሞራ ገደል የተነሳችው ነው። ጥላ ውስጥ ዋርካ ሥር ቆማለች። ጥቁር ቲሸርትና ጂንስ ለብሳለች፣ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ አለ። ከኋላዋ ሐይቁና አንድ አባ ኮዳ ይታያሉ።

ስልክ ላይ ባለ ምስል ሠሪ "የኢትዮጵያ ባህላዊ ቀሚስ አልብሳት" ብዬ ጻፍኩ። ቀሚስ አለበሳት። ግን አንገቷ ላይ ትልልቅ የወርቅ ጌጥ ጨመረ፣ ፊቷን አቀላው፣ ሐይቁን አጠፋና የሣር ጎጆ አመጣ። አባ ኮዳው ዝይ ሆነ። ጥለቱ ደግሞ ከሩቅ ጥለት ይመስላል፣ ጠጋ ስል እንደ ቀለጠ ሻማ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ቃሉን እንዴት ብጽፈው ነው የሸማኔው ጥለት የሚወጣው?

ፎቶቤት_ፒያሳ

እኔ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፣ ይሄ ሥራ በየሳምንቱ ይመጣል። መፍትሔው ቃሉን ማብዛት ነው። "ቀሚስ" ብቻ አትበዪ። ቀለሙን፣ የጥለቱን ስፋት፣ የእጅጌውን ርዝመት ሁሉንም ጻፊ። ሌላው፣ ኮምፒውተር ላይ ከሠራሽ `Denoising strength` የሚለውን ቁጥር ዝቅ አድርጊው፣ 0.3 አካባቢ። ያኔ ፊቷ አይቀየርም። ፊት የሚበላሸው ሰው ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

እቴ_አልማዝ

ልጄ፣ ጥለቱ የሚቀልጠው ክሩ ቀለም ስለሚለቅ ነው። የኔም ቀሚስ ቀዩ ነጩ ላይ ወርዶ ተበላሽቷል። በሙቅ ውኃ እንዳታጥቢው። በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ። ሸማኔውንም ቀለሙ የሚጸና መሆኑን ቀድመሽ ጠይቂው።

ሐይቅ_ዳር

እትዬ አመሰግናለሁ፣ ቀሚሱ ሲሠራ ይህን እጠይቀዋለሁ። አሁን ያስቸገረኝ ግን ፎቶው ላይ ያለው ነው፣ ገና አልተሠራም።

ፎቶቤት፣ ኮምፒውተር አለኝ። ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለውን ምስል ሠሪ ወንድሜ ጭኖልኛል። 0.3 አድርጌ ሞከርኩት። ፊቷ አልተነካም፣ ልክ ነህ። ግን ቀሚሱ ጥቁር ሆነ! ነጭ ብዬ ጽፌ ጥቁር ግራጫ ነገር ለብሳ ወጣች። እግሯ መሃልም ተከፍሏል፣ ቀሚስ ሳይሆን ሰፊ ሱሪ ነው።

ሳሚ_ዲዛይን

ሐይቅ_ዳር፣ ሁለቱም ጥፋት ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ልንገርሽ።

ያ ቁጥር ማሽኑ ከቀድሞው ፎቶ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ነው የሚወስነው። 0.3 ላይ ትንሽ ብቻ ነው የሚረሳው። ስለዚህ የቲሸርቱን ጥቁረት አሁንም ያየዋል። ጥቁር ነገር ላይ ነጭ ጨርቅ ሊያወጣ አይችልም፣ የሚችለው ጥቁሩን ትንሽ ማፍካት ነው። ፎቶቤት ያለው ፊቱ እንዳይበላሽ ለሚለው ይሠራል፣ ግን ፊትን የሚጠብቀው ቁጥሩ መሆን የለበትም። ፊትን የሚጠብቀው ማስኩ ነው። `Inpaint` ውስጥ ገብተሽ የሚቀየረውን ቦታ ብቻ ቀቢ። ፊት፣ ፀጉር፣ እጅ ካልተቀባ አይነካም። አባ ኮዳውም አባ ኮዳ ሆኖ ይቀራል።

ሱሪ የሆነውም የጂንሱን ቅርጽ ስላልረሳው ነው። ማስኩንም ጂንሱ ላይ ልክክ አድርገሽ ከቀባሽው ያው ሱሪ ነው የሚወጣው። ማሽኑ ከማስኩ ውጭ ጨርቅ መሥራት አይችልም። የሱሪ ቅርጽ ያለው ቦታ ከሰጠሽው ሱሪ ይሠራል። ቀሚስ ከሰውነት ሰፋ ብሎ ነው የሚወርደው። በእግሮቿ መሃል ያለውን ሣር ቀቢ፣ በግራና በቀኝም ከጉልበት በታች ሰፋ አድርገሽ እስከ ቁርጭምጭሚት ውረጂ። የተረፈውን ሣር ራሱ መልሶ ይሞላዋል። ቦርሳውን ከተውሽው ማሰሪያው ቀሚሱ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ አብረሽ ቀቢው።

አሁን ዋናው ዘዴ። ነጩን ለማሽኑ አትተዪለት። በስልክሽ የስዕል መተግበሪያም ቢሆን ቲሸርቱና ጂንሱ ላይ በብሩሽ ቀሚስ የመሰለ ነገር ቀቢ። ሸካራ ይሁን፣ ልጅ የሣለው ይምሰል፣ ችግር የለውም። ቀለሙ ግን ንጹሕ ነጭ አይሁን። ሙሉ ነጭ 255 ነው፣ አንቺ 220 የሚጠጋ ፈዛዛ ግራጫ አድርጊው። ሙሉ ነጭ ከሰጠሽው እጥፋት የሚሠራበት ቦታ አያገኝም፣ ወረቀት የለበሰች ትመስላለች። ጥላ ሥር ያለ ነጭ ጥጥ ደግሞ መቼም ሙሉ ነጭ አይሆንም፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዚያ ቁጥሩን 0.6 አካባቢ አድርጊ። የምትጽፊው ይሄን ነው፦

```
long loose white handwoven cotton dress,
ankle length, long sleeves, matte fabric,
soft vertical folds, open shade
```

ስለ ጥለቱ ምንም አትጻፊ። ጥለቱን በኋላ እንመጣበታለን።

ፎቶቤት_ፒያሳ

ሳሚ ወንድሜ፣ ግራጫ ቀብቶ መጀመሩን አላውቅም ነበር፣ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። ግን ጥለቱን ለምን ትተዋለህ? ደንበኛ የሚፈልገው እኮ ጥለቱን ነው። እኔ "ethiopian" የሚለውን እጽፋለሁ፣ መስቀል ያለው ጥለት ያወጣልኛል።

ሳሚ_ዲዛይን

የምተወው ቦታ ስለማይበቃው ነው። አብረን እንቁጠር።

ፎቶው 1024 ፒክስል ቁመት አለው እንበል። እህቷ ከእግር እስከ ራስ 700ውን ትይዛለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ከሆነ አንዱ ሴንቲ ሜትር አራት ፒክስል ያህል ይደርሰዋል። 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥለት እንግዲህ 34 ፒክስል ብቻ ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን ደግሞ ፒክስሉን አንድ በአንድ አይሠራም። 8 በ8 የሆነውን እንደ አንድ እንክብል አጭቆ ነው የሚያስበው። 34ን ለ8 ስትከፍለው አራት እንክብል። በአራት እንክብል ውስጥ መስቀል፣ ቀስት፣ ሦስት ዓይነት ክር እንዴት ይገባል? አይገባም። ስለዚህ ጥለት የሚመስል ነገር ይቀባልና ያልፋል። ያንቺ የቀለጠ ሻማ ይሄ ነው፣ ሐይቅ_ዳር። አሥራ አንድ አይደለም አንድ መቶ ጊዜ ቃል ብትቀይሪ አይወጣም። ቃልሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ሁለተኛው፣ በእጅሽ ያለው ጥለት የአንድ ሸማኔ ጥለት ነው። ማሽኑ እሱን አይቶት አያውቅም። ሊያወጣ የሚችለው በጠቅላላው "የዚህ አገር ልብስ" ብሎ የሚያስበውን ነው። "ethiopian" እና "traditional" የሚሉት ቃላት ጌጡን፣ ጎጆውንና የቆዳ ቀለሙን አብረው የሚጎትቱት ለዚህ ነው። እኔ ጨርቁን በጨርቅነቱ ብቻ እገልጸዋለሁ፣ የአገር ስም አልጽፍም።

ፎቶቤት_ፒያሳ

በአገር ስሙ ግን አልስማማም። ሳልጽፈው ስቀር የሌሊት ልብስ ነው የሚያወጣልኝ። የአንገቱን አቆራረጥ የሚያመጣው ያ ቃል ነው። ማስክ ካለ ደግሞ ጎጆ ከየት ይመጣል?

ሳሚ_ዲዛይን

በማስክ ስትሠራ ጎጆው እንደማይመጣ ልክ ነህ። የአንገቱ ነገርም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ያንን ግራጫውን ስቀባ በእጄ ስለምሥለው ቃሉ አላስፈለገኝም። ሁለታችንም የለመድነውን እንሥራ።

የሸማኔ_ልጅ

አባቴ ዶርዜ ነው፣ ከሸማ ሥራ ውጭ ሌላ አያውቅም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፎቶ ማሻሻል ባላውቅም።

በየቴሌግራሙ የማየው በማሽን የተሠራ "የሐበሻ ቀሚስ" በአንድ ነገር ይለይልኛል። አበባ አለው፣ ሐረግ አለው፣ ክብ አለው። ያ ጥለት አይደለም፣ ጥልፍ ነው። ጥለት የሚሠራው ሸማው ሲሠራ አብሮ ነው። ባለቀለሙ ማግ በድሩ መሃል እየተነሳ እየተጣለ ነው የሚገባው። ክር በጎን ሄዶ አንድ እርከን ይወጣል፣ እንደገና በጎን ሄዶ አንድ እርከን ይወጣል። ስለዚህ ሰያፍ መስመሩ ጠጋ ብለሽ ስታዪው ደረጃ ነው። ክብ የሚመስለውም ቢሆን ጠርዙ ደረጃ ነው። ማሽኑ የሚያወጣው ልሙጥ ኩርባ ከሆነ ከሸማኔ እጅ አልወጣም ማለት ነው።

"embroidery" ብላችሁ የምትጽፉ ካላችሁ ተዉት። እሱ ጥልፍ ነው የሚጠራው።

ሳሚ_ዲዛይን

ይሄን የጻፍከውን ልይዘው ነው። እኔ "ቀልጧል" ከማለት ውጭ በምን እንደሚለይ መናገር አልችልም ነበር።

ሐይቅ_ዳር፣ ወደ ጥለቱ እንምጣ። ሸማኔው የላከልሽን ፎቶ በቀጥታ ትጠቀሚበታለሽ። ግን ፎቶው በጎን ከተነሳ ወይም ብልጭታ ከተበራበት እንደገና አስነሺው። ጨርቁ ይዘርጋ፣ ጥላ ላይ ይሁን፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይየው። እህትሽ ጥላ ሥር ስለሆነች ጥለቱም ጥላ ላይ መነሳት አለበት፣ ካልሆነ ቀለሙ ለየብቻ ይጮሃል።

ከዚያ ጥለቱን እንደ ሪባን ቆርጠሽ ቀሚሱ ግርጌ ላይ ለጥፊው። የግርጌውን ኩርባ እንዲከተል እጠፊው። የአደራረቡን ዓይነት `Multiply` አድርጊ። ቀሚሱ ነጭ ስለሆነ የእጥፋቱ ጥላ በጥለቱ ቀለም ውስጥ አልፎ ይታያል። ይሄ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ጨርቅ ሲታጠፍ ጥለቱ አይለጠጥም፣ ይደበቃል። እጥፋት ባለበት ሁሉ ሪባኑን ቁረጪና ትንሽ ክፍል አውጪ፣ ቀጣዩን ቁራጭ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራቺው። መስቀሉ ግማሽ ሆኖ ቢቆረጥ ደስ ይበልሽ፣ እውነተኛ ቀሚስም እንደዚያ ነው።

የመጨረሻው፣ ግርጌውን ብቻ ማስክ አድርጊ። `Only masked` የሚለውን ምረጪ። ያ ምርጫ የቀባሽውን ቦታ ብቻ ቆርጦ አጉልቶ ይሠራና መልሶ አሳንሶ ይለጥፈዋል። ግርጌው 340 ፒክስል ስፋት ካለው ወደ 1024 ሲጎላ ሦስት እጥፍ ነው። አራቱ እንክብል አሥራ ሁለት ይሆናል። ቁጥሩን 0.25 አድርጊው። የለጠፍሽውን ከጨርቁ ጋር ያዋህደዋል እንጂ አይቀይረውም። 0.4 ካለፍሽ ግን እንደገና ይቀልጣል። መሳካቱን ለማየት የሸማኔ_ልጅ ያለውን ደረጃ ፈልጊ። ደረጃው ካለ ጥለቱ አለ።

ኪያ_አዳማ

እኔ አዳማ ቀሚስ እሸጣለሁ። ይሄ ለኔ በጣም ይጠቅመኛል። ሞዴል ቀጥሬ ፎቶ ማስነሳት ስለማልችል የራሴን ፎቶ ነው የምለጥፈው፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው። በዚህ መንገድ ሃያውንም ቀሚስ ማልበስ እችላለሁ ማለት ነው?

የሸማኔ_ልጅ

እህቴ፣ አትቀየሚኝ፣ እኔ እዚህ ላይ እፈራለሁ። ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ከአንድ ሻጭ በቴሌግራም አዘዝን። ፎቶው ላይ ቀሚሱ እንደ ውኃ ይወርድ ነበር። የመጣው ጥለቱ ያው ነው፣ ጨርቁ ግን ደረቅ የፋብሪካ ጨርቅ። ፎቶው የተሠራ ነበር። ሰውዬው "ጥለቱ ያው አይደለም እንዴ?" አለን። ጥለቱማ ያው ነው።

ኪያ_አዳማ

እኔ የማልሸጠውን ጨርቅ አላሳይም። ጥለቱ የራሴ ቀሚስ ጥለት ከሆነ ምኑ ነው ውሸቱ?

ሳሚ_ዲዛይን

ኪያ፣ በዚህ ዘዴ ጥለቱ እውነተኛ ነው፣ ፎቶ ስለሆነ። ከወገብ ወደ ታች ያለው አወራረድ ግን የማሽኑ ግምት ነው። ስስ ፈትልም ሆነ ወፍራም ጨርቅ ብትሸጪ ተመሳሳይ እጥፋት ነው የሚያወጣው። ገዢ ደግሞ የሚገዛው አወራረዱን አይቶ ነው። እኔ ብሆን ፎቶው ሥር "ጥለቱ እውነተኛ፣ አለባበሱ በኮምፒውተር የተሠራ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ጨርቁ በእጅ ተይዞ የሚታይበት አጭር ቪዲዮም አያይዛለሁ።

ኪያ_አዳማ

እንደዚያ ከጻፍኩ የሚገዛኝ የለም። ግን አስብበታለሁ።

ሐይቅ_ዳር

ተመለስኩ። ሁለት ማታ ፈጀ፣ አንዱን ማታ መብራት ጠፍቶብኝ ነው።

መጀመሪያ ግራጫውን ቀባሁ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ "ይሄ ምንድን ነው፣ ዱቄት የፈሰሰብኝ ነው የምመስለው" አለች። 0.6 ላይ አራት አወጣሁ። ሁለቱ ወገብ ላይ ቀበቶ ጨመሩ፣ አንዱ እጅጌውን ክርን ላይ ቆረጠው። አራተኛው ግን ቀሚስ ነበር። እውነተኛ ቀሚስ። ፊቷ የራሷ፣ አባ ኮዳውም ቆሟል።

ጥለቱን ለመለጠፍ የሸማኔው ፎቶ አልሆነኝም፣ ፀሐይ ላይ የተነሳ ነበር። ደወልኩለትና በረንዳው ጥላ ላይ ዘርግቶ እንደገና ላከልኝ። ግርጌው ላይ አምስት እጥፋት ነበር፣ ሪባኑን ስድስት ቦታ ቆረጥኩት። መጀመሪያ ሳልቆርጥ ሞክሬው ነበር፣ ባሕር ዳር የተሰቀለ ባንዲራ መሰለ። ከቆረጥኩት በኋላ እናቴ ፎቶውን አይታ መጀመሪያ ያለችው "መቼ አሠራችሁት?" ነው።

0.25 ላይ ደረጃው አለ። 0.45 አድርጌ ለማየት ሞከርኩ፣ ደረጃው ጠፋ፣ ቅጠል መሰለ። የሸማኔ_ልጅ ያለው በትክክል ታየኝ።

ያልሆነልኝ እጅጌው ነው። ቀኝ እጇ ታጥፎ ወገቧ ላይ ነው። ጥለቱን እጅጌው ጫፍ ላይ ስለጥፈው ክንዷ ዙሪያ አይዞርም፣ እንደ ተለጠፈ ፕላስተር ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ሳሚ_ዲዛይን

ጎበዝ። የእጅጌው ነገር ለኔም ከባድ ነው። እኔ ሪባኑን መሃሉን አሰፋለሁ፣ ሁለቱን ጠርዝ አጠባለሁ፣ ጠርዙን ትንሽ አጠቁረዋለሁ። አንዳንዴ ይሳካል። የታጠፈ ክንድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አልተሳካልኝም። የተሻለ የሚያውቅ ካለ እኔም መማር እፈልጋለሁ።

ፎቶቤት_ፒያሳ

ሐይቅ_ዳር፣ ልታሳትሚው ከሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ። 1024 ፒክስል በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰው ስልክ ላይ ያማረውን ይዞ ይመጣና 30 በ40 አድርግልኝ ይላል። ሲወጣ ጥለቱ ይደበዝዛል፣ ከኔ ጋር ይጣላል። ትልቅ ከፈለግሽ ፎቶውን መጀመሪያ አሳድጊ፣ ጥለቱን ከዚያ በኋላ ለጥፊ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው ማሳደጊያው ራሱ ጥለቱን ያቀልጠዋል።

ሐይቅ_ዳር

አላሳትመውም፣ ለመምረጥ ብቻ ነው። አመሰግናለሁ ግን።

ሁለቱንም ጥለት ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። እህቴ ራሷ ቀዩን መረጠች። ሰማያዊው ከሩቅ ጥቁር ይመስላል አለች። እናቴ ደግሞ ሰማያዊውን ወደደችው። አሁን ተገለባብጠው ይከራከራሉ።

የሸማኔ_ልጅ

ሰማያዊው ከሩቅ እንደሚጠቁር እውነት ነው፣ ወርቅማው ክር በጥላ ውስጥ አያበራም። ፀሐይ ላይ ግን ሌላ ነው። ሰርጉ ቀን ከሆነ ደጅ ላይ ያበራል። ፎቶውን በጥላ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ጨርቁን ራሱን ይዛችሁ ደጅ ውጡ።

እቴ_አልማዝ

ቀዩን ከመረጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ ነው ያልኳችሁን እንዳትረሱ።

ሐይቅ_ዳር

አልረሳም እትዬ። ቅዳሜ ሸማኔው ጋ እንሄዳለን፣ ሁለቱንም ደጅ ላይ አውጥተን እናያለን።